የክሊኒክ ቀጠሮ በሶፍትዌር፦ ከውሉ በፊት የሚጻፈው ሰነድ

አንድ የክሊኒክ ባለቤት የቀጠሮ ሶፍትዌር ያሠራል። ሥራው አልቆ ሲረከበው ካርድ ክፍሉ ያማርራል፤ የታካሚው ስም ተጽፎ መዝገቡ እስኪመጣ አሥር ሰከንድ ይፈጃል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ባለቤቱ «የተስማማነው እንዲህ አይደለም» ይላል። ሠሪው ውሉን አውጥቶ ያሳያል። ውሉ ላይ ያለው «ዘመናዊና ፈጣን የቀጠሮ ሲስተም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ለሠሪው አሥር ሰከንድ ፈጣን ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ፊት ለተቀመጠችው የካርድ ሠራተኛ ግን አይደለም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚዳኛቸው ጽሑፍ ግን የለም።

ያ ጽሑፍ የመስፈርት ሰነድ ይባላል። ኮድ ከመጻፉ በፊት፣ ዋጋም ከመቆረጡ በፊት የሚዘጋጅ ሲሆን ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይመልሳል። ሲስተሙ ምን ይሠራል የሚለውን የሚመልሱት የተግባር መስፈርቶች ናቸው፤ የሙያው ሰዎች ፈንክሽናል ይሏቸዋል። ያንኑ ሥራ በምን ያህል ፍጥነት፣ ምን ያህል ሳይቋረጥ፣ ምስጢሩንስ ከማን ጠብቆ ይሠራል የሚለውን የሚመልሱት ደግሞ የጥራት መስፈርቶች ናቸው፤ እነዚህ ነን ፈንክሽናል ይባላሉ። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ቁጥር 830 መመሪያ የዚህ ሰነድ መለኪያ ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል። በ2011 ዓለም አቀፉ 29148 ደረጃ ተተካ፤ እሱም በ2018 ታደሰ። መመሪያዎቹ ብዙ ገጽ ቢኖራቸውም ከእያንዳንዱ መስፈርት የሚጠይቁት አጥንቱ አንድ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፣ አንድ ትርጉም ብቻ ይኑረው፣ መፈጸሙ ወይም አለመፈጸሙ በፈተና ይታወቅ።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ ትንሽ ክሊኒክ እናስብ። በየቀኑ የሚገኙ አንድ ጠቅላላ ሐኪም አሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ የሚመጡ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም አሉ። ካርድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሠራተኞች በሁለት ኮምፒውተር ይሠራሉ። እስከ ዛሬ ቀጠሮ የሚያዘው በአንድ ትልቅ ደብተር ላይ ነው። ባለቤቱ የሚፈልገውን ሲጠየቅ እንዲህ ይላል፦ «ታካሚ ቀጠሮ ይያዝ፣ በስልኩ መልእክት ይድረሰው፣ እኔም ስንት ሰው እንደመጣ ልይ።»

መነሻው ደብተሩ ነው

የባለቤቱ ንግግር ምኞት ነው፤ ክሊኒኩ የሚመራበት ደንብ ያለው ደብተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰነዱን የሚጽፈው ሰው የመጀመሪያውን ቀን ካርድ ክፍል ተቀምጦ ማሳለፍ አለበት። የተሰረዙ ስሞችን፣ በቀይ የተከበቡ ሰዓቶችን፣ በኅዳግ የተጻፉ ስልኮችን እያየ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል።

መልሶቹ ባለቤቱ ያላነሳቸውን ነገሮች ያወጣሉ። የተሰረዙት ስሞች ሐኪሙ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ወደ ሌላ ሆስፒታል በተጠሩበት ቀን ተቀጥረው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሠራተኛዋ አንድ በአንድ ደውላ ለሌላ ቀን አዛወረቻቸው። ከሰዓቶቹ መሐል ባዶ የተተዉት ሆን ተብለው ነው፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ያለ ቀጠሮ ስለሚመጡ በየሰዓቱ አንድ ቦታ ይቀመጥላቸዋል። በኅዳግ ያለው ስልክ የታካሚዋ ሳይሆን የልጇ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች የማያውቅ ሶፍትዌር፣ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል፤ ደብተሩም ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል።

በዚያው ቀን ወሰኑም ይጻፋል። ይህ ሲስተም ቀጠሮ ይይዛል፣ ያስታውሳል፣ ይቆጥራል። የሕክምና ታሪክ አይመዘግብም፣ የላቦራቶሪ ውጤት አያሳይም፣ ክፍያ አይቀበልም። የማይሠራውን መጻፍ ከሚሠራው እኩል ይጠቅማል፤ በርክክብ ሰሞን «ደረሰኝስ አይቆርጥም እንዴ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል።

አንድ ምኞት ስንት መስፈርት ይሆናል

«ታካሚ ቀጠሮ ይያዝ» የሚለውን እንውሰድ። ማን ነው የሚይዘው? በዚህ ክሊኒክ ታካሚው ይደውላል ወይም በአካል ይመጣል፤ ሲስተሙ ላይ የምትመዘግበው የካርድ ሠራተኛዋ ናት። ለስንት ደቂቃ? ለጠቅላላ ሐኪሙ 15፣ ለማህፀን ሐኪሟ 30። ሁለቱ ሠራተኞች ለሁለት ሰው አንድ ሰዓት ቢመርጡስ? ጥያቄዎቹ ሲመለሱ ምኞቱ በቁጥር ወደተለዩ ዓረፍተ ነገሮች ይከፈላል። «ት» ተግባርን ያመለክት።

ት-1፦ የካርድ ሠራተኛ ሐኪም፣ ቀንና ሰዓት መርጣ ለአንድ ታካሚ ቀጠሮ መያዝ መቻል አለባት። የቀጠሮው ርዝመት ለእያንዳንዱ ሐኪም ከተመዘገበው ደቂቃ ይወሰዳል።

ት-2፦ ሲስተሙ የአንድ ሐኪም አንድ ሰዓት ለሁለት ታካሚ እንዳይያዝ መከልከል አለበት። ሁለት ሠራተኞች ያንኑ ሰዓት በአንድ ጊዜ ቢመርጡ አንዷ ብቻ ትይዘዋለች፤ ሌላዋ ሰዓቱ መያዙን የሚገልጽ መልእክት ታያለች።

ት-3፦ ለጠቅላላ ሐኪሙ በየሰዓቱ ካሉት አራት ቦታዎች አንዱ ያለ ቀጠሮ ለሚመጡ ታካሚዎች ክፍት መሆን አለበት፤ በስልክ ቀጠሮ አይያዝበትም።

በት-1 ውስጥ አንድ ትንሽ ሐረግ ብዙ ያድናል። ርዝመቱ «15 ደቂቃ» ተብሎ ቢጻፍ ሠሪው ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ ይቀብረዋል። ነገ ለአንድ ታካሚ 45 ደቂቃ የሚፈልግ የጥርስ ሐኪም ቢቀጠር እንደገና ገንዘብ ይከፈላል። «ለእያንዳንዱ ሐኪም ከተመዘገበው» ሲባል ግን ባለቤቱ ራሱ ይቀይረዋል።

ሰነድ የሚፈተነው ነገር ሁሉ እንደታሰበው ካልሄደ ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ ነው። ሐኪሟ ማክሰኞ ማለዳ ደውለው «ዛሬ አልመጣም» አሉ እንበል። ስምንት ሴቶች ተቀጥረዋል። ብዙ ሰነዶች እዚህ ጋ «ቀጠሮ መሰረዝ ይቻላል» ብለው ያልፋሉ። ሠራተኛዋ የምትፈልገው ግን ይህን ነው፦

ት-4፦ የአንድ ሐኪም ቀን ሲዘጋ ሲስተሙ የዚያን ቀን ተቀጣሪዎች ከነስልካቸው በዝርዝር ማሳየት አለበት። እያንዳንዱ ስም ሌላ ቀጠሮ እስኪያዝለት ወይም ቀጠሮውን እንደማይፈልግ እስኪመዘገብ ድረስ ከዝርዝሩ አይወጣም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባይኖር ስልኳ ያልተነሳ አንዲት ታካሚ ከዝርዝሩ ትጠፋለች፤ ነፍሰ ጡር ሆና ከሩቅ ሰፈር ተነስታ ትመጣና ከተዘጋ በር ጋር ትገናኛለች። ሰነድ ጻፊው ሰው ሊጨነቅ የሚገባው ለዚች ሴት ነው።

የባለቤቱ «ስንት ሰው እንደመጣ ልይ» የሚለው ጥያቄም እዚህ ይገባል። ቀጠሮ «የተያዘ» እና «የተሰረዘ» ብቻ ከሆነ፣ የወሩ ሪፖርት ሐኪሟ በመቅረታቸው የተሰረዘውን ታካሚው ካልመጣበት ጋር ይደባልቀዋል። ባለቤቱም ታካሚዎቹን ይወቅሳል። ስለዚህ ት-5 አምስት ሁኔታዎችን ለይቶ ይዘረዝራል፦ ተይዟል፣ ታካሚው መጥቷል፣ ታካሚው ሰርዟል፣ ክሊኒኩ ሰርዟል፣ ታካሚው ሳያሳውቅ ቀርቷል። ማን፣ መቼ ሁኔታውን እንደቀየረም ይመዘገባል።

የስም ፍለጋም ራሱን የቻለ መስፈርት ይፈልጋል። ከውጭ የመጡ ዝግጁ ሶፍትዌሮች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እዚህ ግን የሰው ስም የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ነው። በዚያ ላይ አንድ ስም በተለያየ ፊደል ይጻፋል። ማለዳ «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበችውን ሴት ከሰዓት በኋላ የገባችው ሠራተኛ «ጸሀይ» ብላ ትፈልጋለች፤ ኮምፒውተሩ «የለችም» ይላል፤ አዲስ ካርድ ይወጣል። የቀድሞ ቀጠሮዋ በአንዱ ካርድ፣ አዲሱ በሌላው ይቀራል። ስለዚህ ት-6 እንዲህ ይላል፦ ፍለጋው ሀን፣ ሐንና ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን ከነዘሮቻቸው እንደ አንድ ፊደል መቁጠር አለበት፤ ውጤቱም ስሙን ከነአባትና ከነአያት፣ ከስልኩ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጋር ያሳያል።

«ከአንድ ወር በኋላ ይምጡ»

በዚህ ሥራ ሳይታይ የሚያልፈው ትልቁ ስህተት በቀን አቆጣጠር ላይ ነው። የማህፀን ሐኪሟ ማክሰኞ ነሐሴ 19 ቀን 2018 አንዲት ታካሚ አይተው «ከአንድ ወር በኋላ» ብለው በካርዷ ላይ ጻፉ እንበል። ሲስተሙ የትኛውን ቀን ያቅርብ?

በሚቀጥለው ወር ተመሳሳይ ቀን ካልን ጳጉሜን 19 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ሠሪው በውስጥ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ተጠቅሞ አንድ ወር ከጨመረ ከኦገስት 25 ወደ ሴፕቴምበር 25 ይሄዳል፤ ይህ ዓርብ መስከረም 15 ቀን 2019 ነው፤ ሐኪሟ ዓርብ አይገቡም። 30 ቀን ከቆጠረ ሐሙስ መስከረም 14 ላይ ይወድቃል፤ ሐኪሟ ይገኛሉ፣ ግን ታካሚዋ የለመደችው ማክሰኞ ነው። አራት ሳምንት፣ ማለትም 28 ቀን ከቆጠረ ማክሰኞ መስከረም 12 ይሆናል። ከአንድ ሐረግ ሦስት የተለያዩ ቀኖችና አንድ የሌለ ቀን ወጡ።

ይህን የሚወስነው ፕሮግራመሩ አይደለም። ጉዳዩ የሕክምና ስለሆነ የሚጠየቁት ሐኪሟ ናቸው። እሳቸው «እኔ የምለው አራት ሳምንት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም፣ ቀድሞ ግን አይምጣ» ካሉ መስፈርቱ ተገኘ።

ት-7፦ ሐኪም የክትትል ጊዜ በሳምንት ብዛት ሲያዝ፣ ሲስተሙ ያ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚገኝበትንና ክፍት ቦታ ያለበትን የመጀመሪያ ቀን ማቅረብ አለበት፤ ከታዘዘው የቀደመ ቀን አያቀርብም።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። የኮምፒውተር ሰዓት 09:30 ሲል ታካሚው የሚያውቀው ጠዋት 3:30ን ነው። አንዱ ስክሪን በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ካሳየ ሰው በስድስት ሰዓት ልዩነት ይመጣል። ስለዚህ ሠራተኛና ታካሚ የሚያዩት ቀንና ሰዓት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሆን፣ ከሰዓቱም ጎን ምንጊዜም «ጠዋት»፣ «ከሰዓት» ወይም «ማታ» እንዲጻፍ በግልጽ ይታዘዛል። ለፈተና የሚመረጡትም ተራ ቀኖች አይደሉም። የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን፣ መስከረም 1፣ እንዲሁም ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት 2019 ዓ.ም. የፈተና ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ።

አጭር መልእክት፣ ከባድ ምስጢር

የማስታወሻ መልእክቱ የተግባርና የጥራት መስፈርት እንዴት እንደሚደጋገፉ በደንብ ያሳያል። ተግባሩ ግልጽ ነው፤ ት-8 ከቀጠሮው አንድ ቀን አስቀድሞ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ መልእክት ይላክ ይላል። ያልደረሰ መልእክት ካለ ስሙ ለካርድ ሠራተኛዋ በዝርዝር ይቅረብላት፤ እሷ ትደውላለች።

የመልእክቱ ርዝመት ግን ወጪውን ይወስናል። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ሆሄ ይይዛል። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ይከፈልና እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ባለቤቱ ለአንድ ወር የያዘው በጀት በግማሽ ወር የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የመልእክቱ ቃል ራሱ ሰነዱ ውስጥ ይጻፋል፦

«ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ጠዋት 3:30 ነው። መምጣት ካልቻሉ እባክዎ አስቀድመው ይደውሉልን።»

ይህ 60 ሆሄ ነው። ለክሊኒኩ ስም አሥር ይቀራል፤ የቀንና የወር ስም ሲረዝም ደግሞ ያነሰ። ስሙ ከዚያ ከረዘመ ወይ አጭር መጠሪያ ይመረጣል ወይ «እባክዎ» ይወጣል። እንዲህ ያለው ምርጫ ባለቤቱና ሠሪው በወረቀት ላይ ሲያደርጉት ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ያን በደብተሩ ኅዳግ የተጻፈውን የልጅ ስልክ እናስታውስ። መልእክቱ የሚደርሰው ታካሚዋ እጅ ላይሆን ይችላል። «ከማህፀን ሐኪም ጋር ያለዎት ቀጠሮ» የሚል ቃል ቤት ውስጥ ስንት ነገር ሊያስነሳ እንደሚችል ማንም ያውቃል። የመጀመሪያው የጥራት መስፈርት ከዚህ ይወለዳል፤ «ጥ» ጥራትን ያመልክት።

ጥ-1፦ ማንኛውም ወደ ስልክ የሚላክ መልእክት የሕመም ዓይነት፣ የምርመራ ስም ወይም የሐኪሙን ሙያ መያዝ የለበትም።

ጥ-2፦ የካርድ ሠራተኛ ስም፣ ስልክና የቀጠሮ ሰዓት ታያለች፤ የመጣበትን ምክንያት የሚያየው ሐኪሙና ነርሷ ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል፤ የታካሚን መዝገብ ማን መቼ እንደከፈተ ይመዘገባል።

እነዚህ የጨዋነት ጉዳዮች ብቻ አይደሉም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ስሱ መረጃዎች መሐል ያስቀምጠዋል። በሠራተኞቹ ሁሉ የሚታወቅ አንድ የጋራ የይለፍ ቃል ያለው ሲስተም ምስጢር ሲወጣ ማን እንዳወጣው ሊናገር አይችልም።

ፍጥነት በቁጥር ሲጻፍ

የጥራት መስፈርት የሚበላሸው በቅጽል ነው። ፈጣን፣ ቀላል፣ አስተማማኝ፣ ዘመናዊ፤ እነዚህ ቃላት ሰነድ ውስጥ ሲገኙ ከጎናቸው ቁጥር ይፈለጋል። ቁጥሩም ከራስ የሚፈጠር ሳይሆን ከክሊኒኩ ሥራ የሚወጣ መሆን አለበት።

ክሊኒኩ በቀን 12 አዳዲስ ታካሚዎች ካርድ ያወጣሉ እንበል። በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢኖር 3,600 ይሆናሉ፤ በአምስት ዓመት 18,000። ትንሽ ጨምረን 20,000 እንበል። ይህ ቁጥር የሚያስፈልገው ሠሪው ብዙ ጊዜ የሚሞክረው በሃምሳ ስሞች ስለሆነ ነው። በሃምሳ ስም ሁሉም ሲስተም ይፈጥናል፤ መንቀራፈፉ የሚመጣው መዝገቡ ሲሞላ፣ ያኔም ሠሪው ክፍያውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው።

ጥ-3፦ 20,000 የታካሚ መዝገብ ባለበትና ሦስት ኮምፒውተሮች አብረው በሚሠሩበት ጊዜ፣ ከ100 የስም ፍለጋዎች ቢያንስ 95ቱ በ2 ሰከንድ ውስጥ ውጤት ማሳየት አለባቸው።

«ከ100 ቢያንስ 95ቱ» የሚለው ለሠሪውም ፍትሐዊ ነው። «ሁሉም» ቢባል አንዴ የዘገየ ፍለጋ ሥራውን ሁሉ ውድቅ ያደርገዋል። «በአማካይ» ቢባል ደግሞ በጣም የፈጠኑት የዘገዩትን ይሸፍኑላቸዋል፤ በአማካይ ሁለት ሰከንድ የሆነ ሲስተም ለአንዳንዱ ታካሚ ሃያ ሰከንድ ሊወስድ ይችላል።

ቁጥር ሲጠብቅ ዋጋም አብሮ ይጨምራል። ባለቤቱ «ለምን ግማሽ ሰከንድ አይሆንም?» ሊል ይችላል። የሚመለሰው ጥያቄ «ለካርድ ሠራተኛዋ በሁለት ሰከንድና በግማሽ ሰከንድ መሐል የሚለወጥ ነገር አለ?» የሚል ነው። ታካሚው ስሙን ተናግሮ እስኪጨርስ ሁለት ሰከንድ ያልፋል። የማይፈለግ ጥራትን ጽፎ መክፈል፣ የሚፈለገውን ሳይጽፉ እንደመቅረት ያለ ጉዳት ነው።

መብራት ሲጠፋ

«ሲስተሙ 99 በመቶ ጊዜ መሥራት አለበት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቁጥር ስላለው ብቻ የተሟላ ይመስላል። እናስላው። ክሊኒኩ ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ክፍት ነው፤ በሳምንት 72፣ በዓመት 3,744 ሰዓት። አንድ በመቶው ወደ 37 ሰዓት ይሆናል። ሲስተሙ ሦስት ሙሉ የሥራ ቀን በተከታታይ ቢዘጋ እንኳ መስፈርቱ አልተጣሰም። ስለዚህ ከዓመታዊው ድምር ጎን ለአንድ መቋረጥ የሚፈቀደው ጊዜም ይጻፋል።

ጥ-4፦ በክሊኒኩ የሥራ ሰዓት በሶፍትዌሩ ብልሽት የሚደርስ አንድ መቋረጥ ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ የዓመቱ ድምርም ከ37 ሰዓት አይበልጥም።

ጥ-5፦ ኮምፒውተሩ ድንገት ቢጠፋ ከመጥፋቱ 5 ደቂቃ በፊት የተመዘገበ ማንኛውም ቀጠሮ መጥፋት የለበትም።

በጥ-4 ላይ «በሶፍትዌሩ ብልሽት» የሚለው ሐረግ የተጨመረው በምክንያት ነው። የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ በሠሪው እጅ አይደለም፤ እሱን ተጠያቂ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ነው። ታካሚው ግን መብራት ጠፋ ብሎ አይቀርም። ይህ ጥያቄ ወደ ተግባር መስፈርት ይመልሰናል። ት-9፦ ሲስተሙ በየሥራ ቀኑ ማታ 1 ሰዓት ላይ የሚቀጥለውን የሥራ ቀን የቀጠሮ ዝርዝር በራሱ ለማተም ማዘጋጀት አለበት። ሠራተኛዋ አትማ ጠረጴዛዋ ላይ ታስቀምጠዋለች። ጠዋት መብራት ባይኖር በወረቀቱ ትሠራለች፤ መብራት ሲመጣ የመጣውንና የቀረውን ትመዘግባለች። ወረቀቱ የታካሚ ስም ስላለበት በማግሥቱ እንደሚቀደድ ከክሊኒኩ የአሠራር ደንብ ጋር ይያያዛል።

የሁለቱ ዓይነት መስፈርቶች ግንኙነት በዚህ ይታያል። ያለመቋረጥ የጥራት ጉዳይ ነው፤ ሲወርድ ግን አንድ የሚታተም ዝርዝር፣ አንድ አዝራርና አንድ የሥራ ልማድ ይሆናል። የጥራት መስፈርት በሰነዱ ጀርባ ተለጥፎ ሲቀር የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ሲስተሙ ከተሠራ በኋላ ሊጨመር የማይችል ነገር ይዟል።

ለርክክቡ ቀን መዘጋጀት

ሰነዱ ከተጻፈ በኋላ የካርድ ሠራተኞቹ፣ ሐኪሞቹ፣ ባለቤቱና ሠሪው ተሰብስበው ጮክ ብለው ያነቡታል። እያንዳንዱ መስፈርት ሲነበብ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ «ይህ መፈጸሙን በርክክቡ ቀን እንዴት እናያለን?» መልስ ያጣው ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «ወዘተ»፣ «ቢቻል» የሚሉ ቃላት የሚያዙት እዚህ ነው፤ እያንዳንዳቸው ያልተወሰነ ነገር ይሸፍናሉ።

መልስ ያገኘው ፈተናው ከጎኑ ይጻፋል። ለት-2 ፈተናው እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሠራተኞች በሁለት ኮምፒውተር የጠቅላላ ሐኪሙን ያንኑ ሰዓት ይከፍታሉ፤ ሁለት የተለያዩ ስሞች ያስገባሉ፤ ሦስት ተቆጥሮ አብረው ይጫናሉ። አንዷ «ተይዟል»ን፣ ሌላዋ እምቢታውን ካላየች አልተፈጸመም። ሃያ ጊዜ ይደገማል፤ እንዲህ ያለ ስህተት በአንድ ሙከራ ላይታይ ይችላልና። ለት-6 በ«ፀ» የተመዘገበ ስም በ«ጸ» ይፈለጋል። ለት-7 የነሐሴ 19ኙ ምሳሌ ይሞከራል፤ መልሱ ማክሰኞ መስከረም 12፣ ያ ቀን ሞልቶ ከሆነ ሐሙስ መስከረም 14 መሆን አለበት። ለጥ-3 ሠሪው 20,000 የፈጠራ ስሞች ሞልቶ ይመጣል፤ የእውነተኛ ታካሚ ስም ለሙከራ አይሰጥም።

ለእንዲህ ያለ ክሊኒክ ሰነዱ ከአሥር ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። እያንዳንዱ መስፈርት ቁጥሩን፣ ዓረፍተ ነገሩን፣ የጠየቀውን ሰው፣ ፈተናውንና የግድ መሆን አለመሆኑን ይይዛል። የጠየቀው ሰው ስም መኖሩ በኋላ ይጠቅማል። ሠሪው ት-3ን ማለትም ያለ ቀጠሮ ለሚመጡት የሚተወውን ቦታ «ይቅር፣ ሥራውን ያወሳስባል» ቢል፣ ባለቤቱ መልስ ከመስጠቱ በፊት መስፈርቱን ያስገባችውን የካርድ ሠራተኛ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ከፊርማ በኋላ የሚመጣ ለውጥም በቁጥሩ ይጠራል፤ «ት-8 ከአንድ ቀን በፊት የሚለው ሁለት ቀን ይሁን» ተብሎ ይጻፋል፣ ዋጋና ጊዜው ይታከልበታል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ።

በመጨረሻው ገጽ ገና መልስ ያላገኙ ጥያቄዎች ይቀመጣሉ። ለምሳሌ ሦስት ጊዜ ሳያሳውቅ የቀረ ታካሚ አራተኛ ቀጠሮ ይሰጠው ወይስ ያለ ቀጠሮ ከሚመጡት ጋር ይሰለፍ የሚለውን ባለቤቱና ሐኪሞቹ ገና አልተስማሙበት ይሆናል። ይህን ደብቆ የተሟላ መስሎ የሚታይ ሰነድ ከመፈረም፣ ጥያቄውን ከሚመልሰው ሰው ስምና ከሚመለስበት ቀን ጋር ጽፎ መፈረም ይሻላል። ሠሪው ያን ክፍል እስከዚያ አይነካውም፤ ዋጋውንም ሲሰጥ ምን እንዳልተወሰነ አውቆ ይሰጣል። ውሉ ላይ የሚገባው ቁጥር የሚታመነው ያኔ ነው።